«ይሄ ሕግ አይደለም» ከማለታችሁ በፊት

ለደሴና ለኮምቦልቻ የሕግ ተማሪዎች፣

በቀደም ፒያሳ ካለው ቢሮዬ ለልምምድ የሚመጣ ልጅ፣ ቡና ይዘን ሳለ፣ «ጋሼ፣ ፍትሕ የሌለው ሕግ ሕግ ነው ወይ?» አለኝ። መልሱን ለፈተና ሸምድዶታል። የተፈጥሮ ሕግ ወገን «አይደለም» ይላል። ፖዚቲቪስቱ «ሥልጣን ያለው አካል በሥርዓቱ ካወጣው ሕግ ነው፤ ክፉ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው» ይላል። ትክክል ነው። ግን ይህን ብቻ ይዞ ችሎት አይቆምም። ስለዚህ የነገርኩትን መዝገብ ለእናንተም ልንገራችሁ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1944 ነው፤ አገሩ ጀርመን። አንድ ወታደር ለዕረፍት ቤቱ መጥቶ ለሚስቱ ሂትለርን የሚነቅፍ ነገር ያወራል። ሚስቱ ልትገላገለው ትፈልግ ነበርና ሄዳ ጠቆመችበት። በ1934 እና በ1938 የወጡ ሕጎች እንዲህ ያለውን ንግግር ይቀጡ ነበር። የጦር ፍርድ ቤቱ ሞት ፈረደበት። ግን አልተገደለም፤ ጥቂት ታስሮ ወደ ግንባር ተላከ። ናዚዎች ከወደቁ በኋላ ተራው የሚስትየዋ ሆነ። ሰውን ከሕግ ውጭ ነፃነቱን አሳጥተሻል ተብላ ተከሰሰች። መከላከያዋ «ያደረግሁት ሕጉ የፈቀደውን ነው» የሚል ነበር።

ምን ትፈርዱ ነበር?

ናዚዎች ከዩኒቨርሲቲ ያባረሩት ጉስታቭ ራድብሩኽ በ1946 አንድ መስፈርት አቅርቦ ነበር። ሕግ መጥፎም ቢሆን በመሠረቱ ይጽና፤ ግፉ ፈጽሞ ሊታገሡት ከማይቻል ደረጃ ሲደርስ ግን ሕግነቱን ያጣል አለ። እንግሊዛዊው ኤች. ኤል. ኤ. ሃርት በ1958 ይህን ተቃወመ። ሴትየዋን መቅጣት ከፈለጋችሁ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሠራ ሕግ በግልጽ አውጡ፤ ሁለት ክፉ ነገሮች ቀርበውላችሁ አንዱን እንደመረጣችሁ አትደብቁ ነው ያለው። ይህን ሐቀኝነቱን እወድለታለሁ።

አሜሪካዊው ሎን ፉለር የመለሰለት ግን ለእኛ ለባለሙያዎቹ ይበልጥ ይጠቅማል። እስቲ ሕጉን ራሱን አንብቡት አለ። ሕጉ በዋናነት የሚያነጣጥረው በአደባባይ የተነገረን ነገር ነው። ባል በቤቱ ለሚስቱ ያወራው እንዴት ሆኖ አደባባይ ይሆናል? የናዚ ዳኞች ቃሉን እንደፈለጉ ለጥጠውታል። ለፉለር እንዲህ ያለ ሥርዓት መጀመሪያውኑ የሕግን ወግ አላሟላም። ልብ በሉ፣ እዚህ ለመድረስ ስለ ሰማይ ፍትሕ ገና ምንም አላነሳንም። ክፉ ፍርድ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ «ድርጊቱ የአንቀጹን ቃል በእርግጥ ያሟላል?» በሉ። እኔ በሥራ ዘመኔ «ኢፍትሐዊ ሕግ» ተብለው ከቀረቡልኝ ጉዳዮች ብዙዎቹ በደንብ ያልተነበበ ሕግ ሆነው ነው ያገኘኋቸው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሃርት፣ የባምበርግ ይግባኝ ፍርድ ቤት የናዚውን ሕግ ዋጋ ቢስ አድርጎ ሴትየዋን ቀጣ ብሎ ነበር የጻፈው። በኋላ ፍርዱ ሲመረመር እንደዚያ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ሕጉን ጨካኝ ቢለውም አልሻረውም። የፈረዱት ዳኞች በጊዜው ሕግ ሠርተዋል አለ። ሴትየዋ ግን ጠቁሚ የሚል ግዴታ አልነበረባትም። በራሷ ፈቃድ፣ ለራሷ ጥቅም፣ ባሏን ወደ ሞት ላከች፤ ስለዚህ ተጠያቂ ሆነች። ዓለም የተከራከረበት ምሳሌ ራሱ በተሳሳተ ዘገባ ላይ የቆመ ነበር። የፍርድን ማጠቃለያ ይዛችሁ አትከራከሩ የምላችሁ ለዚህ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ የሃርት መንገድ ዝግ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22፣ ድርጊቱ ሲፈጸም ወንጀል ያልነበረን ነገር በኋላ ወንጀል አድርጎ መቅጣትን ይከለክላል። በቀይ ሽብር ክስ ክርክሩ ድርጊቱ በተፈጸመበት ጊዜ ጸንቶ በነበረው ሕግ ላይ የዞረውም ለዚህ ነው። ዐቃቤ ሕግ የያዘው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግን አንቀጽ 281 ነው። አንቀጹ የፖለቲካ ቡድኖችንም ከዘር ማጥፋት ይጠብቅ ነበር። በ1999 ዓ.ም. አብላጫው ዳኞች በዚሁ ጥፋተኛ አሉ። አንድ ዳኛ ግን ለፖለቲካ ቡድኖች የተሰጠው ጥበቃ ደርግ በኋላ ባወጣቸው ሕጎች ተሽሯል ብለው በሐሳብ ተለዩ።

ይህን የልዩነት ሐሳብ ሳነብ ሁልጊዜ ሆዴ ይረበሻል። እዚህ ደሴም ልጆቻቸውን ያጡ እናቶችን አውቃለሁና። ገዳዩ ራሱ ባወጣው አዋጅ ከሕጉ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው? በዚህ ነጥብ እኔ ከራድብሩኽ ጋር ነኝ፤ እንዲህ ያለ ሽረት ሕግ ነው ብዬ ልቀበለው አልችልም። የዳኛውን ጥያቄ ግን በቁጣ ብቻ ልመልሰው አልፈልግም፤ ጥያቄያቸው በዚያን ቀን የትኛው ሕግ በሥራ ላይ ነበር የሚል ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ከዚያ ልጅ ጋር ሁለቱንም ሐሳቦች አንቀጽ በአንቀጽ እናነባለን። ከኮምቦልቻም የምትመጡ ካላችሁ ቢሮዬ ቦታ አለ።