የፍራንቻይዝ ውል ከመፈረም በፊት

«ቨርጂኒያ ውስጥ የሳንድዊች ቤት ፍራንቻይዝ ልገዛ ነው። ውሉ የ10 ዓመት ነው፤ የትኛውን አንቀጽ አጥብቄ ልመርምር?»

ከሁሉ በፊት የሽያጭ ክልሉን ይመልከቱ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ፣ ስሙንና አሠራሩን እንዲጠቀሙ የሚፈቅድልዎ ኩባንያ ዝርዝር የመግለጫ ሰነድ ከፊርማም ሆነ ከክፍያ ቢያንስ 14 ቀን አስቀድሞ እንዲሰጥዎ ያስገድዳል፤ የክልሉ ጉዳይ የሚገኘው በዚሁ ሰነድ ክፍል 12 ነው። ብቸኛ ክልል፣ ማለትም ኩባንያው ሌላ ቤት የማይከፍትበት አካባቢ፣ እንደማይሰጥዎ ከተጻፈ፣ ኩባንያው ከመንገዱ ማዶ ሌላ ቤት ቢከፍት ውሉን ይዞ መከራከር ይከብዳል።

ጉዳቱ የሚታየው በክፍያው ላይ ነው፤ ሮያሊቲ፣ ማለትም በኩባንያው ስም ለመሥራት በየጊዜው የሚከፈለው ድርሻ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ከጠቅላላ ሽያጭ እንጂ ከትርፍ አይደለምና። ለምሳሌ ሮያሊቲው 6፣ የማስታወቂያ መዋጮው 4 በመቶ ቢሆን፣ ከ50,000 ዶላር ወርኃዊ ሽያጭ ላይ ኪራይና ደመወዝ ሳይነሣ 5,000 ይሄዳል። አዲሱ ቤት ሽያጭዎን ወደ 40,000 ቢያወርደው ኪራይዎ አይቀንስም፤ ኩባንያው ግን ከሁለቱም ቤቶች ይሰበስባል። ስለዚህ በማይል የተለካ ክልል በጽሑፍ ይጠይቁ። (ትልልቆቹ ኩባንያዎች ውላቸውን እምብዛም አያስነኩም፤ አዳዲሶቹ ግን ይደራደራሉ።) የአሠራር መመሪያውንና የአቅራቢ ምርጫውን ለመለወጥ ባይደክሙ ይሻላል።

ውል ማቋረጥ በክፍል 17 ሰንጠረዥ ሰፍሯል። የቨርጂኒያ ሕግ ያለ በቂ ምክንያት ማቋረጥን ይከለክላል፤ ሆኖም ሮያሊቲ አለመክፈል ራሱ ምክንያት ሊሆን ስለሚችል፣ ጉድለቱን ለማስተካከል ስንት ቀን እንደሚሰጥዎ፣ ሲቋረጥ የሱቁ ኪራይ ወደ ኩባንያው ይዛወር እንደሆነ፣ ተመሳሳይ ሥራ እንዳይሠሩ የሚከለከሉበትም ጊዜና ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ከጠበቃዎ ጋር ሆነው ያረጋግጡ።