የፎከስ ሞተር ጩኸትና የካሜራ «ዱብ ዱብ»፦ ማይክ ከመግዛትህ በፊት

«ሰላም ቤተሰብ። በካኖን ቪዲዮ ስቀርጽ የሌንሱ ሞተር ዝዝዝ ሲል ድምፁ ይገባል። ካሜራውን ስነካው ደግሞ ዱብ ይላል። ካሜራው ላይ የሚሰካ ማይክ ልግዛ ወይስ ሌንስ ልቀይር?»

አቦ፣ ገንዘብህን ያዝ። እኔ ድሬ ነኝ፤ ሥራዬም ሰርግና ቃለ መጠይቅ መቅረጽ ነው። ያልከው ሁሉ ደርሶብኛል።

1. መጀመሪያ ድምፁ በየት እንደሚገባ እወቅ። ጆሮህን ካሜራው ጀርባ ላይ ለጥፈህ ፎከስ አስደርገው። ከክንድ ርቀት እምብዛም የማይሰማው ሞተር ጆሮህ ሥር ይጮሃል። የካሜራው ማይክ እዚያው አካል ላይ ስለተገጠመ የሚሰማው ይህንኑ ነው። ንዝረቱ በአየር ብቻ ሳይሆን በፕላስቲኩ በኩል ይደርሰዋል። ዱብታውም እንደዚያው ነው፦ ጣትህ፣ የዙም ቀለበቱ፣ የሚወዛወዘው የአንገት ማሰሪያ ሁሉ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ነው። ማሰሪያውን ፈትተህ አስቀምጠው፤ ብዙ ዱብታ እሱ ብቻ ነው።

2. Sound recording የሚለውን ከ Auto ወደ Manual ቀይረው። ይሄን ሐረር ላይ ነው በደንብ ያየሁት። ጀጎል ውስጥ በአንድ የሐረሪ ቤት አንድ አባት ቁጭ ብለው የድሮ ገበያ ታሪክ ያወራሉ። ቤቱ ፀጥ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ የውጪ ድምፅ የለም። እሳቸው ሲያወሩ ሞተሩ አይሰማም። ለማሰብ ዝም ሲሉ ግን ጩኸቱ ቀስ እያለ ከፍ ይላል፤ ቃል ሲጀምሩ ደግሞ ይጠፋል። ሞተሩ አልተቀየረም። ካሜራው ራሱ «ድምፁ አነሰ» ብሎ ፀጥታውን እያጎላው ነው። ያንተም ንግግር ሲቆም ከፍ የሚል ከሆነ ጥፋቱ እዚህ ጋ ነው። Manual ላይ አድርገህ ሰውየው በተለመደ ድምፁ ሲያወራ መለኪያው ከ -12 አልፎ አልፎ ብቻ እንዲያልፍ አስተካክለው።

የተቀመጠ ሰው ስትቀርጽ ደግሞ Movie Servo AF ለምን ይከፈታል? Disable አድርገው፣ አይኑ ላይ ፎከስ ያዝ፣ ከዚያ ሌንሱን ወደ MF ግፋው። ሰውየው ወንበሩ ላይ እስካለ ድረስ ሞተሩ ሥራ የለውም። አጋፋሪና ሙሽራ በሚሯሯጥበት ሰርግ ላይ ግን አይሰራም፤ እዚያ ግን በሙዚቃውና በእልልታው መሃል ሞተሩን የሚሰማው የለም።

ወደ ማይኩ ልምጣ፣ የተናደድኩበት እሱ ነው። ድሬ ላይ አንድ ሱቅ «ይሄን ከላይ ስካው፣ ሁሉም ነገር ያልቃል» ብሎ ሸጠልኝ። የሸጠልኝ ያለ ላስቲክ ማንጠልጠያ፣ በብረት እግር በቀጥታ የሚሰካ ማይክ ነው። ዝዝታው ቀነሰ፣ አልክድም። ዱብታው ግን ባሰ፤ ብረቱ ንዝረቱን አንድም ሳያስቀር ወደ ማይኩ ያስተላልፋል። ቀረጻውን ይዤ ሄድኩ። ሰውየው የጆሮ ማዳመጫውን እንኳን ሳያደርግ «አያያዝህ ነው» አለኝና ፊቱን አዞረ። ብሬንም አልመለሰም። እንግዲህ ከላይ የሚሰካ ከገዛህ በላስቲክ የተንጠለጠለውን ምረጥ። ሱቁ ውስጥ ሰክተህ፣ እየቀረጽክ ካሜራውን በጣት ቆርቆር አድርገህ፣ አዳምጠህ ብቻ ክፈል። ገመዱን ደግሞ ላላ አድርገው፤ ከተወጠረ ንዝረቱን እሱም ያስተላልፋል።

እኔ አሁን የምሰራው ሌላ ነው። ደረት ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ማይክ ስልክ ላይ ሰክቼ፣ ስልኩን በረራ ሁነታ ላይ አድርጌ፣ ተናጋሪው ኪስ ውስጥ አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ ላይ ካሜራው ፊት አንዴ አጨበጭባለሁ፤ ኤዲት ላይ የስልኩን ጭብጨባ ከካሜራው ጭብጨባ ጋር ማገጣጠም ነው። ካሜራውን ብትመታው እንኳን አይሰማም፣ ምክንያቱም ማይኩ ካሜራው ላይ የለም። ስትገዛ ሶኬቱን እይ፦ ሦስት ጥቁር መስመር ያለው ለስልክ ነው፣ ሁለት ያለው ለካሜራ። ሻጮች ይደባልቁታል።

ቀድሞ ለተቀረጸው በ Audacity ውስጥ High-Pass Filter ን 80 Hz ላይ አድርገህ ሞክር። ዱብታው ዝቅ ያለ ድምፅ ስለሆነ ብዙው ይቀንሳል፣ የንግግሩ ዋና ክፍል ግን ይተርፋል። ለዝዝታው Noise Reduction አለ፤ ሞተሩ ብቻውን የሚጮህበትን አንድ ሰከንድ ያህል መርጠህ Get Noise Profile በል፣ ከዚያ መጠኑን ከ 12 አታሳልፈው። ካበዛኸው ድምፁ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ይመስላል። ሞተሩ የሚነሳና የሚቆም፣ ቃናውም የሚለዋወጥ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ዱብታው መለኪያውን ጥግ አስነክቶ ድምፁን ከሰባበረው ደግሞ ያንን ቃል የሚመልሰው ማጣሪያ የለም።

ሌንስ መቀየር የመጨረሻው ነው። የድሮው 50 ሚሊሜትር 1.8 ከሆነ ያለህ፣ አዎ፣ እሱ ይጮሃል። ግን STM የተጻፈበት ሁሉ ዝም ያለ ነው ብለህ አትግዛ፤ የ50ው STM በጸጥታ ቤት ውስጥ ይሰማል፣ የ18-55ው STM ግን በጣም የተሻለ ነው።