ሂስቲዲንን እንደ ሙሉ አንድ አይቁጠሩት

«አንጂዮቴንሲን 2 የተባለውን ፔፕታይድ አሉታዊ ቻርጅ ባለው የሰልፎኔት ኮለም ላይ ለማስያዝ እየሞከርኩ ነው። ቅደም ተከተሉ አስፓርቲክ አሲድ፣ አርጂኒን፣ ቫሊን፣ ታይሮሲን፣ አይሶሉሲን፣ ሂስቲዲን፣ ፕሮሊን፣ ፌኒልአላኒን ነው። በፒኤች 7.4 ሦስት አዎንታዊና ሁለት አሉታዊ ቆጥሬ +1 አገኘሁ፤ ፔፕታይዱ ግን ሳይያዝ ያልፋል። ኮለሙ ተበላሽቶ ይሆን?»

ኮለሙን አይጣሉት። እኔም ጀማሪ ሳለሁ በዚሁ ምክንያት ደህናውን ኮለም ሁለት ቀን ሙሉ ሳጥብ ከርሜአለሁ። የተበላሸው ቆጠራው ነው።

ቻርጅ የሚሸከሙትን ቡድኖች ሁሉ «አለ» ወይም «የለም» ብሎ መቁጠር የሚያዋጣው ፒኤቹ ከቡድኑ ፒኬኤ ሲርቅ ብቻ ነው። ፒኬኤ ማለት ግማሾቹ ሞለኪውሎች ፕሮቶናቸውን ይዘው ግማሾቹ የለቀቁበት ፒኤች ነው። ከዚያ በአንድ ነጥብ ቢርቁ የያዙትና የለቀቁት አስር ለአንድ ይሆናሉ፤ በሁለት ነጥብ ቢርቁ መቶ ለአንድ። እንደ አስፓርቲክ አሲድ ያለው ቡድን ፕሮቶኑን ሲለቅ አሉታዊ ይሆናል። እንደ ሂስቲዲን ያለው ግን ፕሮቶን ሲይዝ አዎንታዊ ነው፤ ሲለቅ ምንም ቻርጅ አይኖረውም። ፕሮቶን የያዙት ድርሻ በዚህ ይሰላል፦

```
1 / (1 + 10^(pH - pKa))
```

አሁን የእርስዎን ፔፕታይድ በፒኤች 7.4 እንመልከተው። የአርጂኒን ፒኬኤ 12 አካባቢ ስለሆነ +1 ብለን እናልፈዋለን። የአስፓርቲክ አሲድ የጎን ሰንሰለት 3.7፣ ጫፍ ላይ ያለው ካርቦክሲል ደግሞ 3.3 አካባቢ ስለሆኑ ሁለቱም ሙሉ በሙሉ −1 ናቸው። ታይሮሲን እስከ 10 ድረስ ፕሮቶኑን አይለቅምና ዜሮ ነው። እስካሁን ቆጠራዎ ልክ ነበር።

ነገሩ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። የሂስቲዲን ፒኬኤ በፔፕታይድ ውስጥ 6.5 ገደማ ነው፤ በ7.4 ፕሮቶን የያዘው ከመቶ 11 ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያዋጣው +1 ሳይሆን +0.1 ነው። የመጀመሪያው አሚኖ ቡድንም ፒኬኤው 8 ገደማ በመሆኑ +0.8 ብቻ ይሰጣል። ሲደመር 1 + 0.8 + 0.1 − 1 − 1፣ ማለትም −0.1 ይወጣል። ፔፕታይዱ ገለልተኛ ከመሆን ያልዘለለ ነው፤ አሉታዊ ኮለም የሚይዝበት ምክንያት የለውም። ፕሮቶኖቹ እጅግ ፈጥነው ስለሚገቡና ስለሚወጡ ኮለሙ «የያዙትን» ለይቶ አያስቀርም፤ የሚያየው አማካዩን ነው።

ፒኤቹን ወደ 5 ያውርዱት። ሂስቲዲኑ ወደ +0.97 ይወጣል፣ አሚኖ ቡድኑ +1 ይሆናል፣ አስፓርቲክ አሲዱ በ−0.95፣ የመጨረሻው ካርቦክሲል በ−0.98 ላይ ይቆያሉ። ድምሩ +1 ገደማ ነው። ወደ 3 ቢወርዱ አሲዶቹ ራሳቸው ፕሮቶን መያዝ ይጀምራሉና ድምሩ +2.5 ይደርሳል። እኔ ብሆን 3ን እመርጣለሁ፤ የሰልፎኔት ኮለም በዚያ ፒኤችም አሉታዊነቱን አይለቅም። የካርቦክሲሜቲል ኮለም ቢሆን ኖሮ ግን ራሱ ቻርጁን ስለሚያጣ አልመክርም ነበር።

የጠቀስኳቸው ፒኬኤዎች አማካዮች ናቸው። አጠገብ ያለ አሉታዊ ቡድን የሂስቲዲኑን ፒኬኤ ወደ ላይ፣ አዎንታዊ ጎረቤት ደግሞ ወደ ታች ይገፋዋል፤ ግማሽ ነጥብ መዛባት የተለመደ ነው። ስለዚህ በስሌት −0.1 እና +0.3 መካከል ያለውን ልዩነት ብዙ አይመኑት፤ +2.5ን ግን ይመኑት።

ሁለት ነገር ያጣሩ። አንደኛ፣ በብልቃጡ ላይ ያለውን መግለጫ ያንብቡ። የመጀመሪያው አሚኖ ቡድን አሴቲል ተደርጎበት ከሆነ አንድ አዎንታዊ ይቀንሳል፤ የመጨረሻው ካርቦክሲል አሚድ ከሆነ አንድ አሉታዊ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ በሰው ሠራሽ መንገድ የተሠራ ፔፕታይድ ብዙውን ጊዜ ከትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ ጋር ነው የሚመጣው። ደካማ ባፈር ውስጥ ሲሟሟ ፒኤቹን ሊያወርደው ስለሚችል፣ ከባፈሩ ጠርሙስ ሳይሆን ፔፕታይዱ ከሟሟ በኋላ ይለኩ።

ጨውንም አይርሱ። 150 ሚሊሞላር ሶዲየም ክሎራይድ ያለበትን የፎስፌት ባፈር ተጠቅመው ከሆነ +1 እንኳን ላይያዝ ይችላል። በምትኩ 20 ሚሊሞላር የፎርሜት ባፈር በፒኤች 3፣ ያለ ጨው፣ ይሞክሩ። ያለፈውን ፈሳሽ አይድፉ፤ ታይሮሲን ብርሃን የሚውጥበትን 275 ናኖሜትር ይለኩበት። እዚያ ንባብ ከሌለ ፔፕታይዱ ተይዟል ማለት ነው፤ ከዚያ ሶዲየም ክሎራይዱን ቀስ በቀስ እየጨመሩ ያስለቅቁት።