ባለሙያዋ ስትወጣ ደንበኞቹ የማን ናቸው?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱ አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፦ ከጸጉር ቤት የወጣች ባለሙያና ተከትለዋት የሄዱ ደንበኞች። እኔም ለዓመታት ጸጉር ቤት ስለነበረኝ ጉዳዩ ያመኛል። ሁሉንም በአንድ ላይ ልመልስ።

«ስድስት ዓመት አብራኝ የሠራች ልጅ ወጥታ ከኔ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ያለ ጸጉር ቤት ገባች። ደንበኞቼን ይዛብኝ ሄደች። ልክሰሳት ወይስ እየደወልኩ ልመልሳቸው?»

መጀመሪያ መዝገቡን አውጥተው ይቁጠሩ። ሰው ሲደነግጥ «ሁሉም ሄዱ» ይላል፤ ሲቆጠር ግን እንደዚያ አይሆንም። ያለፉትን ሦስት ወራት ስሞች ይውሰዱና በሦስት ይክፈሏቸው። ለምሳሌ 60 ቋሚ ደንበኛ አለዎት እንበል። 20ዎቹ ልጅቷ ስትቀጠር ይዛቸው የመጣች ወይም ስሟን ጠርተው የገቡ ናቸው። 25ቱ ሰፈሩ ስለቀረባቸው ወይም ሰው ስለጠቆማቸው ወደ ቤቱ የመጡ ናቸው። 15ቱ ደግሞ ጸጉራቸውን እሷ ጋ ቢሠሩም ጥፍርና ሹሩባ ሌሎች ልጆች ጋ የሚሠሩ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹን 20 ይተዋቸው። እነሱ ድሮም የሷ ነበሩ። በተለይ ቀለም የምትቀባ ሴት የሠራቻትን እጅ ትከተላለች፤ የትኛው የቀለም ቁጥር ከባለ ስንት ቮልዩም ኦክሲዳንት ጋር እንደተቀላቀለላት፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየባት የምታውቀው ያቺ ልጅ ብቻ ናትና። ታጥባ፣ ካስክ ውስጥ ገብታ የምትወጣ ደንበኛ ግን ቅርበትና ወረፋ ታያለች። ስለዚህ የሚደውሉት ለ40ዎቹ ነው።

ሲደውሉ እውነቱን ይናገሩ። «እገሊት እኛ ጋ መሥራት አቁማለች። አሁን የምትሠራሽ እገሊት ናት። ቅዳሜ ጠዋት ቦታ ልያዝልሽ?» ይህ ይበቃል። ልጅቷን አያሙ። የት እንደገባች ከጠየቁም ይንገሩ።

ይህን የምለው ስለተጎዳሁበት ነው። አንዷ ልጄ የወጣች ጊዜ ለደንበኞቼ «አገሯ ገብታለች» አልኳቸው። ሳምንት ሳይሞላ አንዷ ደንበኛ ልጅቷን ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘቻት። ደንበኛዋ ተመልሳ መጥታ ፊቴን እያየች «ለምን ዋሸሽኝ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ደጄን አልረገጠችም። ያቺን ደንበኛ ያጣሁት በራሴ አፍ ነው።

ክሱን በተመለከተ፣ በጽሑፍ የተፈራረማችሁት ነገር ከሌለ ደንበኛ በራሷ ምርጫ ስለሄደች ብቻ ክስ መሥርተው የሚያገኙት ብዙ አይታየኝም። መዝገቡን በስልኳ አንስታ ወስዳ ወይም በቤቱ ቴሌግራም ገጽ «አድራሻ ቀይረናል» ብላ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማስረጃውን ያስቀምጡና ጠበቃ ያማክሩ።

«አራት ዓመት ሠርቼ ልወጣ ነው። ባለቤቷ የደንበኞችን ስልክ ካላጠፋሽ የመጨረሻ ደሞዝሽን አልሰጥም አለችኝ። ትችላለች?»

አትችልም። ሠራተኛ ከሆንሽ የምትዳኚው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ውሉ ሲቋረጥ የሚገባሽ ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ከደሞዝ ላይ መቁረጥ የሚቻለው ሕግ፣ ፍርድ ቤት፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ሲፈቅድ፣ አለዚያም አንቺ በጽሑፍ ስትስማሚ ነው። ስልክ ቁጥር አላጠፋሽም ተብሎ ደሞዝ አይያዝም።

አንቺም የራስሽን ግዴታ ተወጪ። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጪና ቅጂው ላይ አስፈርሚያት። ሳትሰጪ ብትወጪ እስከ 30 ቀን ደሞዝሽ የሚደርስ ካሳ ልትጠየቂ ትችያለሽ።

በፐርሰንት የምትሠሪ ከሆነ አንድ ነገር ይጣራ። የመግቢያ ሰዓትሽን፣ ዋጋውንና ዕቃውን የምትወስነው ባለቤቷ ከሆነች፣ ክፍያሽ በፐርሰንት መሆኑ ብቻ ሠራተኛ ከመሆን አያወጣሽም። ሰዓትሽም ዋጋሽም በእጅሽ ከሆነ ግን ግንኙነታችሁ የኪራይ ወይም የሽርክና ሊባል ይችላል። ያኔ አዋጁ አይመለከትሽም።

ቁጥሮቹን በተመለከተ፣ ደንበኛዋ ራሷ «ስልክሽን ስጪኝ» ብላ የተለዋወጣችሁት ያንቺ ነው። ከቤቱ መዝገብ የገለበጥሽው አይደለም። በማስጠንቀቂያው 30 ቀን ውስጥ ደግሞ በባለቤቷ ወንበር ላይ ያስቀመጥሻትን ሴት «ከወር በኋላ እዚያ ነኝ» አትበያት። ጠይቃሽ ከሆነ መልሺላት። ሳትጠየቂ መናገር ግን በሰው ቤት ውስጥ ገበያ መጥራት ነው።

«አዲስ ልጅ ልቀጥር ነው። ስትወጣ ደንበኛ እንዳትወስድብኝ ምን ብዬ ላስፈርማት?»

«ለ3 ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ጸጉር አልሠራም» የሚል ወረቀት እንዳያጽፉ። ልጅቷ የምትበላው በዚህ ሙያ ነው። ጊዜው፣ ቦታውና የሥራው ዓይነት በልክ ያልተወሰነ ክልከላ ፍርድ ቤት ቢቀርብም መቆሙ ያጠራጥራል። ዋናው ነገር እንዳትሠራ መከልከል ሳይሆን እየደወለች እንዳትጠራ ማድረግ ነው። እኔ እንዲህ ብዬ እጽፈዋለሁ፦

«ከወጣሁ በኋላ ለ6 ወር በቤቱ መዝገብ ላይ ላሉ ደንበኞች ደውዬም ሆነ መልእክት ልኬ አልጠራም። ደንበኛ በራሷ ፈልጋ ከመጣች ግን መሥራት እችላለሁ። ስገባ ይዣቸው የመጣሁት በአባሪው ላይ በስም የተዘረዘሩት ደንበኞች በዚህ አይካተቱም።»

አባሪዋን እንዳይረሷት። ልጅቷ በገባች በመጀመሪያው ሳምንት የራሷን ደንበኞች ስም ጽፋ ሁለታችሁም ትፈርሙበታላችሁ። ከአራት ዓመት በኋላ «እሷን እኔ ነኝ ያመጣኋት» የሚለው ጭቅጭቅ እዚያች ወረቀት ላይ ያበቃል።

የቲክቶክ ገጹንም ይጻፉት። ገጹ የተከፈተው በማን ስልክ ቁጥር ነው? የቤቱ ከሆነ የይለፍ ቃሉ እርስዎ ጋ ይሁን። የሷ ከሆነ ደግሞ የሠራችውን ጸጉር ቪዲዮ ይዛ መሄድ እንደምትችል ይጻፍላት። የቀለም ቅልቅል ለእያንዳንዷ ደንበኛ በካርድ ተጽፎ ቤት ውስጥ ይቀመጥ። ለባለሙያው መብት የምትሟገት ሴት ብሆንም ይህን ለባለቤቶች ደጋግሜ እላለሁ፤ ካርዱ ካለ የቀረችው ልጅ ያንን ቀለም መድገም ትችላለች።

ወንበር የምታከራይ አንዲት ሴትም በዚሁ ጉዳይ ጠይቃኝ ነበር። ወንበሩን በወር ካከራዩ፣ ተከራይዋ ዋጋዋን ራሷ ቆርጣ ገንዘቧን ራሷ ከተቀበለች፣ ደንበኞቹ የሷ ናቸው።

«ለሠርጌ 5,000 ብር ቀብድ ለጸጉር ቤቱ ከፍዬ ነበር። ልትሠራኝ የነበረችው ልጅ ወጣች። እኔ የምፈልገው እሷን ነው። ቀብዴስ?»

የተዋዋልሽው ከቤቱ ጋር ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ሰጪ ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ጥያቄው ቤቱ ምን ቃል ገባልሽ የሚለው ነው። «የሙሽራ ጸጉር» ብቻ ከተባለ ሌላ ባለሙያ ሊያቀርቡልሽ ይችላሉ፤ አንቺ እምቢ ካልሽ 5,000ው ይቀርብሻል። «እገሊት ትሠራሻለች» ተብሎ ከተጻፈ ግን ቃሉን ያልጠበቀው ቤቱ ነው።

ለሁሉም የሚበጀው መንገድ ግን ሌላ ነው። ባለቤቷ ልጅቷን ለዚያች አንድ ቀን ትጥራትና በድሮው ፐርሰንት ይካፈሉ። ጠቅላላው 20,000 ብር ቢሆንና ድርሻዋ 40 ከመቶ ከነበረ ለሷ 8,000፣ ለቤቱ 12,000 ይደርሳል። አንቺም በሠርግሽ ጠዋት የለመድሽው እጅ ይሠራሻል። ሁለቱን ከማነጋገርሽ በፊት ግን ደረሰኙን አውጥተሽ የማን ስም እንደተጻፈበት ዛሬውኑ እዪ።