«ቢኖር ደስ ይለኛል» እና «ከሌለ አይሆንም»

ውድ ልጆቼ፣

በጥንዶች አማካሪነት ስሠራ ወጣቶች ብዙ ጊዜ ስልካቸውን አውጥተው ዝርዝር ያነቡልኛል። የሚፈልጉት ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ የጻፉበት ነው። ጨዋታ አዋቂ፣ ረጅም፣ ሰዓት የሚያከብር፣ ልጅ የሚፈልግ፣ የማይዋሽ፣ ጉዞ የሚወድ። ዝርዝሩ መርዘሙ አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ልጅ መፈለግና ጉዞ መውደድ አንድ ረድፍ ላይ እኩል መቀመጣቸው ነው። በመጀመሪያው ባትስማሙ ኑሯችሁ ከሥሩ ይለወጣል። በሁለተኛው ባትስማሙ ከጓደኛችሁ ጋር ትጓዛላችሁ።

አንዲት ወጣት ያመጣችልኝን ጉዳይ ልንገራችሁ፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንዱን ቀይሬዋለሁ። ከአንድ ሰው ጋር ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው፣ ትወደዋለች፣ ግን ልትተወው አስባለች። ምክንያቷ ሰው መሃል ዝም ማለቱ ነበር። «ጓደኞቼ ጋር ስወስደው እንደ እንግዳ ጥግ ይዞ ይቀመጣል» አለችኝ። ቀጠል አድርጋ ደግሞ ያረፍዳል፣ ገንዘብ አይቆጥብም አለች። ልጅን በተመለከተ ስጠይቃት ግን «እሱ እንኳን ችግር የለውም፣ እናያለን ይላል» ብላ አለፈችው።

አንድ በአንድ እንየው ተባባልን። ለእያንዳንዱ መጀመሪያ የጠየቅኳት ይህ ነው፦ ነገሩ ዕድሜ ልኩን ባይለወጥስ? ሰው «ሲጋባ ይተዋል»፣ «ሲበስል ይለወጣል» እያለ ያልተፈታውን ነገር ወደፊት ይገፋዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን ጎትማን ጥንዶችን ለብዙ ዓመታት አጥንቶ የደረሰበትን አስታውሱ፦ ጥንዶች ከሚጋጩባቸው ጉዳዮች 69 በመቶ ያህሉ ጨርሶ አይፈቱም፤ ከጠባይና ከፍላጎት ልዩነት የሚመነጩ ስለሆኑ እየተመላለሱ ይነሳሉ። በደስታ አብረው የሚኖሩትም ቢሆኑ ይህ አላቸው። እነሱ የሚለዩት ያልተፈታውን ነገር ሳይናናቁና ሳይቆስሉ መነጋገር መቻላቸው ላይ ነው። ስለዚህ ስትመዝኑ የምትመዝኑት ዛሬ ያለውን ሰው እንጂ ወደፊት ይሆናል ብላችሁ የምትጠብቁትን አይደለም።

ዝምታውን በዚህ መዘንነው። እስከ መጨረሻው ዝምተኛ ቢሆን ምን ይጎድልብሻል? አሰበችና «ግብዣ ላይ አብሮኝ የሚስቅ ሰው» አለች። ብቻዋን ብትሄድ ይከፋዋል? አይከፋውም፣ እንዲያውም ሂጂ ይላታል። ቤት ውስጥስ? ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ይጫወታል። የሚጎድላትን ነገር ከጓደኞቿ ማግኘት ትችላለች ማለት ነው። ቅር ይላታል፣ ግን ልትኖርበት የምትችለው ቅሬታ ነው። ማርፈዱም እንደዚያው። ሲነግሩት ይቅርታ ይጠይቃል፣ መዘግየቱን ደውሎ ያሳውቃል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ግን ያረፍዳል። ያናድዳል። (እኔም ብሆን እናደዳለሁ።) ቢሆንም ሳትጠብቀው ቀድማ መግባት ከለመደች አያለያይም።

ገንዘቡ ጋ ስንደርስ ነገሩ ጠጠር አለ። ገቢና ዕዳችንን እንነጋገር ስትለው ወሬ ይቀይራል፣ አንድ ጊዜም ተቆጥቷል። እዚህ ላይ ገንዘብ ማባከኑን ትቼ ሌላ ነገር እንድትከታተል ነገርኳት፦ ጉዳዩን ስታነሺ ምን ይሆናል? አንዱ ቆጣቢ፣ ሌላው እጀ ሰፊ መሆናቸው ሁለት ሂሳብ በመክፈት፣ የጋራውን ወጪ አስቀድሞ በማውጣት ሊቻል ይችላል። መደበቅ ግን በምንም ዘዴ አይስተካከልም፤ የተደበቀን ነገር አብሮ ማቀድ አይቻልምና። በእርጋታ፣ ሳትወቅሰው እንደገና አነሳችው። ከጥቂት ቀናት በኋላ የብድር ወረቀቱን ይዞ መጣ። ያፈረበት ዕዳ ነበር፤ በየወሩ ስንት እንደሚከፍል፣ መቼ እንደሚያልቅ ሁሉ አሳያት። በጣም የፈራችው ነገር መላ ሊገኝለት የሚችል ሆኖ ተገኘ። ተቆጥቶ ቢቀር፣ ወይም ግማሹን ብቻ ነግሯት ሌላውን በኋላ ከሌላ ሰው ብትሰማ ኖሮ ግን የተለየ ነገር እመክራት ነበር።

የቀረው ያለፈችው «እናያለን» ነው። ከሁሉም ይልቅ የከበደኝ እሱ ነበር፣ ምክንያቱም መሃል መንገድ የለውም። አንዱ ከተማ፣ ሌላው ገጠር መኖር ቢፈልግ የሆነ ቦታ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ግማሽ ልጅ ግን አይወለድም። «ልጅ ትፈልጋለህ?» ብለሽ አትጠይቂው አልኳት፤ ሰው ለሚወደው ሰው ደስ የሚለውን ይመልሳል። ይልቅ «ልጅ ሳንወልድ ብንኖር ቅር ይልሃል?» በዪው። ጠየቀችው። ፊቱ ፈታ አለና «እንደዚያ ብንኖር በጣም ደስ ይለኛል፣ ለማለት ፈርቼ ነው» አላት። እሷ ደግሞ እናት መሆንን ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኝ ናት። ተለያዩ። ማንም ጥፋተኛ አልነበረም። ብዙ ወጣቶች የሚያቅታቸው ይሄ ነው፤ ሰውየው ጥሩ ከሆነ መለያየት በደል ይመስላቸዋል። አብሮ የማያኖር ነገር ግን ጥሩ ሰው ላይም ይገኛል።

ዝርዝራችሁን ቀደም ብላችሁ ጻፉ የምለውም ለዚህ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሳማንታ ጆኤልና ባልደረቦቿ በካናዳ ሠርተው በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የማይስማማቸውን ዓይነት ሰው በሐሳብ ደረጃ ብቻ ከተጠየቁት ይልቅ፣ እውነተኛ ሰው ነው ተብለው የተጠየቁት በብዛት ተቀብለዋል። የሌላውን ስሜት መጉዳት ከብዷቸው ነበር። አንድ ሰው ፊታችን ሲቀመጥ «አልደራደርም» ያልነው ነገር እንዲህ ይላላል። የጻፋችሁት ወረቀት ካለ ቢያንስ እየተላላ መሆኑን ታዩታላችሁ።

በተቃራኒው የማይደራደሩበት ነገር የበዛባቸውም አሉ። እያንዳንዱን «ለምን?» ስላቸው መልሱ የድሮ ፍቅረኛ ይሆናል። አንዷን የድሮ ፍቅረኛዋ ስልክ ሳያነሳ ያታልላት ስለነበር አሁን ስልክ ዘግይቶ የሚያነሳ ሁሉ ይሰረዛል። እዚያ ላይ የማይታለፈው መታለል ነው፤ ስልኩን ቶሎ ማንሳቱ ቢኖር ደስ የሚል ነገር ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሚዛን ውጭ የማስቀምጠው አንድ ነገር አለ። መምታት፣ ማስፈራራት፣ ስልካችሁን መፈተሽ፣ ከቤተሰብና ከጓደኛ መነጠል ሲመጣ «ባይለወጥስ?» ብላችሁ አትመራመሩ። ይህን ከሚያደርገው ሰው ጋርም አትከራከሩበት። ለምታምኑት ሰው ተናግራችሁ፣ በጥንቃቄ ውጡ፤ የሚያስፈራራ ሰው ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው ሊተዉት መሆኑን ሲያውቅ ነውና።

ለሌላው ግን ጊዜ ስጡት። ልጅን፣ የመኖሪያ ቦታን፣ እምነትን የመሰለ ትልቅ ጉዳይ በመጀመሪያው ቀጠሮ ማንሳት አያስፈልግም፤ ቤት አብሮ ከተከራዩ በኋላ ማንሳት ደግሞ ዘግይቷል። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ጠይቁ። «አላውቅም» እውነተኛ መልስ ሊሆን ስለሚችል አትቆጡ፤ መቼ እንደገና እንደምትነጋገሩ ተስማሙና ቀኑን ያዙ። ያ ቀን ደርሶ መልሱ አሁንም «እናያለን» ከሆነ፣ «አይሆንም» ቢላችሁ ኖሮ የምትወስኑትን ያኔውኑ ወስኑ።