ሞዴሉ የማይነበብ ናሽናል ቴፕ፦ ላስቲኩን ለማግኘት

«ፊቱ ላይ ናሽናል ይላል። የጀርባው ጽሑፍ ግማሹ ተፍቋል። ሬዲዮው ይሠራል፣ ካሴቱ ግን አይዞርም። ላስቲክ ለመግዛት ሞዴሉን በምን ልወቅ?»

መጀመሪያ የባትሪ ክዳኑን ከፍተህ ውስጡን እይ። ሞዴሉ እዚያም የሚጻፍበት ጊዜ አለ። ከሌለ፣ የጀርባውን ጽሑፍ በስልክህ መብራት ከጎን እያበራህ ፎቶ አንሳው። ፊት ለፊት ሲበራ የማይታይ ፊደል ከጎን ሲበራ ብቅ ይላል።

የምትፈልገው አብዛኛውን ጊዜ RX ብሎ የሚጀምረውን ነው። ረጅሙ ቁጥር የመለያ ቁጥር ነው፣ ለዕቃ ፍለጋ አይጠቅምህም። ከሞዴሉ መጨረሻ ያሉትን ፊደሎችም አትተዋቸው። መሣሪያው ለየትኛው አገር ገበያ እንደተሠራ የሚለዩት እነሱ ናቸው።

የጣቢያ መፈለጊያውም ይናገራል። ኤፍኤሙ ከ76 እስከ 90 ብቻ ከሆነ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ነው። ከ88 እስከ 108 ከሆነ ግን ብዙ አገር ስለሚጠቀምበት ብዙም አይነግርህም። «ናሽናል» የሚለው ስምም እንደዚያው፤ ፓናሶኒክን የሚሠራው ኩባንያ ለብዙ ዓመት ተጠቅሞበታል። ስለዚህ ስትፈልግ በሁለቱም ስም ሞክር።

ሞዴሉ ጨርሶ ካልተገኘ አሮጌውን ላስቲክ ለካው። ዙሪያውን፣ ውፍረቱን፣ ጠፍጣፋ ወይም አራት ማዕዘን መሆኑን ጻፍ። አሮጌው ስለተለጠጠ፣ አዲሱ በዙሪያው 5 በመቶ ያህል ይጠር። ቀልጦ እንደ ሬንጅ ከተጣበቀ ግን መለካቱ ከንቱ ነው። በአልኮል ጠርገህ፣ ላስቲኩ በሚዞርባቸው ጎማዎች ላይ ክር አዙረህ ለካ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ከሆነ 100 ቮልት ነው የሚወስደው። የ220 ሶኬት ላይ በቀጥታ ከሰካኸው ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። እኔ ጋ ለጥገና ከሚመጡት አንዳንዶቹ ላስቲካቸው ደህና ሆኖ የተበላሹት በዚህ ነው። እስክታረጋግጥ በባትሪ ሞክረው።