ከ«ሴርት» በኋላ «ሜ» ይምጣ

«ለዴልፍ ቤ 2 የፈረንሳይኛ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ድርሰት ስጽፍ የተቃዋሚን ሐሳብ ሳስገባ የራሴ ይፈርስብኛል። መምህሬ ‹አቋምሽ የቱ ነው?› ይሉኛል። አባቴ ደግሞ ፈረንሳይኛውን ትተሽ አካውንቲንጉን ጨርሺ ይላሉ። የመመዝገቢያው ገንዘብም አሳስቦኛል። ምን ይመክሩኛል?»

አባትሽ አካውንቲንጉን ጨርሺ ማለታቸው ልክ ነው። ፈረንሳይኛውን ተዪ ማለታቸው ግን ስህተት ነው። ፈረንሳይኛ የአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋ ነው፤ ኅብረቱም ያለው አዲስ አበባ ነው። እኔ ሥራ የጀመርኩት በግዥ ክፍል ነበር። ከፍ ያደረገኝ ፈረንሳይኛ መናገሬ ብቻ አይደለም። አለቃን የሚያሳምን አንድ ገጽ በፈረንሳይኛ መጻፍ መቻሌ ነው። ስለዚህ ድርሰቱ ላይ ልቆይ።

የተቃዋሚውን ሐሳብ ማስገባትሽ ጥሩ ነው። ጥፋቱ ያለው መጠኑና አገባቡ ላይ ነው። ብዙ ተማሪ ሁለቱን ወገን እኩል ይመዝንና መሃል ላይ ቆሞ ይቀራል። ፈረንሳዮች ለዚህ «ሴርት... ሜ» ይላሉ፤ የእኛው «እርግጥ ነው... ነገር ግን» ነው። አንባቢው «ሴርት» የሚለውን ሲያይ «ሜ» እንደሚከተል ያውቃል። ወገን ቀየረች ብሎ አይጠረጥርሽም።

ጥያቄው «እሑድ እሑድ መሃል ከተማው ለመኪና ይዘጋ ወይ?» ነው እንበል። አቋምሽ «ይዘጋ» ከሆነ በመግቢያው መጨረሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊው። ከዚያ ሁለት ምክንያት በሁለት አንቀጽ ስጪ፤ አንዱ ስለ አየሩ፣ ሌላው ስለ ልጆችና አረጋውያን ይሁን። ሦስተኛው አንቀጽ የተቃዋሚው ነው። «እርግጥ ነው፣ ነጋዴዎች ገበያ ይቀንስብናል ብለው ይሰጋሉ። ነገር ግን በመኪና የሚያልፍ ሰው መስኮቱን እንኳ አያወርድም። በእግሩ የሚሄደው ቆም ብሎ ዕቃ ያያል፣ ይገባል።» አየሽ? ለእነሱ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ለመልስሽ ሁለት። የአንቺ አንቀጽ የሚያበቃው የነጋዴው ስጋት ላይ ከሆነ፣ መምህርሽ የሚጠይቁሽ ለዚህ ነው።

መደምደሚያው ላይ አዲስ ምክንያት አታምጪ። ግን ነጋዴውን ከሰማሽው፣ መስማትሽ እዚያ ይታይ። «ይዘጋ፣ ዕቃ ለሚያደርሱ መኪናዎች ግን ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ይፈቀድ» በዪ። መግቢያሽ የጠየቀውን መልሰሻል፣ አቋምሽም አልተናደም።

ልኩ ቢያንስ 250 ቃል፣ ጊዜው 60 ደቂቃ ነው። አሥሩን ደቂቃ ለዕቅድ፣ የመጨረሻዎቹን አሥር ለእርማት ተዪ። እርማቱ ላይ እንደ እኛው «ምንም እንኳ» የሆነው «ቢየን ከ» ካለ ከኋላው ያለው ግሥ ሱብዦንክቲፍ በሚባለው መልክ መሆኑን እዪ፤ እዚህ ላይ ነጥብ ይጎድላል።

ስለ ገንዘቡ፦ ሰዓት ይዘሽ ሦስት ድርሰት ጻፊና ለመምህርሽ ስጪ። አቋምሽን ሳይጠይቁ ሦስቱንም ካነበቡ ያኔ ክፈዪ።